ጨረቃዬ 12ኛ ቤት ናት አለኝ፤ እማዬን ምን ብዬ ልጠይቃት?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ሰላም ናችሁ። እዚህ ዝም ብዬ የማነብ ሰው ነኝ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን አንዷ የኮከብ አፕ አሳየችን። የልደት ቀን፣ ሰዓትና ከተማ ታስገባለህ፣ እሱ የጨረቃህን ኮከብና ቤት ይነግርሃል። ለጨዋታ ብዬ አስገባሁ። ህዳር 12 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 22/11/1995። ሰዓቱ 8። ቦታው ሐዋሳ።

ጨረቃህ በአቅራብ፣ 12ኛ ቤት አለኝ። ከዚያ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። «በልጅነትህ እናትህ ከአንተ የተሰወረችበት ጊዜ ነበር። ስሜትህን መደበቅ የተማርከው ያኔ ነው። ብቻህን ካልሆንክ አታለቅስም» ይላል። ጨረቃ በአቅራብ ደግሞ «ውድቀት» ላይ ናት የሚልም ጨምሮበታል።

ችግሩ እውነት ነው። አራት ዓመቴ ላይ ይርጋዓለም አያቴ ጋ ወስደው ትተውኝ ነበር። ሰባት ወር ያህል። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እስከ ዛሬ ሰው ፊት አላለቅስም። ጓደኛዬም «አንተ እኮ በር የሌለው ቤት ነህ» ትለኛለች።

እማዬን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ግን «አፑ ጥለሽኝ ነበር አለኝ» ብዬ አልጀምርም። ጨረቃ በ12ኛ ቤት ያላችሁ፣ እናንተ እንዴት ጠየቃችሁ?

---

ሚጡ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡25

ወይኔ ወንድሜ። የእኔ ሸርጣን ናት፣ 4ኛ ቤት። ቤት እና እናት፣ ቤት እና እናት! ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ሦስት ወር ሳልቆይ አዳማ ተመለስኩ። ሰው ሰነፍ ይለኛል። ጨረቃዬ ናት እላቸዋለሁ። እጮኛዬ ግን «ጨረቃሽን ይዘሽ እናትሽ ጋ ኑሪ» ብሎኝ ሄደ። አሁን እኔ ምን ላድርግ ትላላችሁ?

---

ደብተራው
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

ልጆች፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ኮከብ በልደት ቀን አይወጣም። የራስህን ስምና የእናትህን ስም ፊደላት በቁጥራቸው ትደምራለህ፣ ለ12 ትገድፋለህ፣ የተረፈው ኮከብህ ነው። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሠውር እያለ እስከ ሑት ይሄዳል። ዐውደ ነገሥት የሚለው ይህንን ነው። አቅራብ ለመባል ስምንት መትረፍ አለበት። የእናትህን የክርስትና ስም ጻፍልኝና አወጣልሃለሁ።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡15

ደብተራው፣ አክባሪህ ነኝ፤ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የኮከቦቹ ስም አንድ ነው፣ አቅራብ አቅራብ ነው። የአንተ ግን በስም ቁጥር የሚወጣ ነው፣ ሰማዩን አያይም። ልጁ የጠየቀው ጨረቃ በተወለደበት ሰዓት ሰማይ ላይ የት ነበረች ነው። አንዱ ለሌላው ማረሚያ አይሆንም።

ሚጡ፣ ያንቺን ለብቻው ክፈቺው፣ እንመጣለን።

የሐይቁ ልጅ፣ እናትህን ከመጠየቅህ በፊት እኔ አንተን ልጠይቅ። 8 ሰዓት ያልከው የቱ 8 ነው? አፑ ውስጥ ምን ብለህ አስገባኸው?

---

የሐይቁ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡22

ሌሊት 8 ሰዓት። እማዬ ሁሌ «ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ተኝቶ» ትላለች። አፑ ላይ `08:00 AM` አልኩት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ AM ነው አይደል?

---

ሰማይ ቆጣሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡58

ይኸው ተገኘ። AM ማለትህ ልክ ነው፣ 8 ማለትህ ግን ተሳስቷል። የእኛ ሌሊት 8 በፈረንጅ `02:00 AM` ነው። አንተ ያስገባኸው ጠዋት 2 ሰዓትን ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ ሥራ ሲሄድ።

ይህንን ስህተት ያለ ማንም እርዳታ ልትይዘው ትችላለህ። ክቡ ሥዕል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠውን መስመር ተመልከት። አድማሱ እሱ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው በተወለድክበት ሰዓት ከምድር በላይ የነበረ ሰማይ ነው፣ በታች ያለው ከእግርህ ሥር የነበረ። ሌሊት የተወለደ ሰው ፀሐዩ ከመስመሩ በታች መሆን አለባት። ያንተ ሥዕል ላይ ፀሐይ የት ናት? ከላይ፣ ከጨረቃ አጠገብ 12ኛ ቤት ውስጥ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሐዋሳ ፀሐይ ወጥታ ነበር ማለት ነው። እናትህ ይህን ብትሰማ ትስቅብሃለች።

አሁን ልክ በሆነው ሰዓት ሠራሁት። ጨረቃህ አሁንም አቅራብ ናት፣ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ። ኮከቡ አልተነካም፤ ምክንያቱም ጨረቃ አንድ ኮከብ ውስጥ ሁለት ቀን ከሩብ ያህል ትቆያለች፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ የሄደችው አራት ዲግሪ አይሞላም። ቤቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤቶቹ የሚቆጠሩት በዚያች ደቂቃ በምሥራቅ ከሚወጣው ኮከብ ጀምሮ ነው፣ እሱም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይቀየራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣ የነበረው ቀውስ ነው፤ አቅራብ ከእሱ አንድ ወደ ኋላ ስለሆነች 12ኛ ቤት ሆነችብህ። ሌሊት ስምንት ላይ ግን የሚወጣው ሰንቡላ ነው። ሰንቡላ አንድ፣ ሚዛን ሁለት፣ አቅራብ ሦስት። ጨረቃህ 3ኛ ቤት ናት።

ስለዚህ እንቅልፍ የነሣህ ጽሑፍ ያንተ አይደለም። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የተወለደ የሌላ ልጅ ነው።

«ውድቀት» የሚለውም አያስደንግጥህ። ጨረቃ በአቅራብ ምቾት አታገኝም ለማለት የቆየ የሙያው ቃል ነው። እናትህ ወደቀች ማለት አይደለም።

---

ባንጋሎር ደርሶ መልስ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

በህንዱ አቆጣጠር ግን ጨረቃህ አቅራብ አይደለችም፣ ሚዛን ናት። እነሱ ከቋሚ ከዋክብት ስለሚነሱ በዚያ ዓመት ልዩነቱ 24 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ20 ላይ 24 ቀንስ፣ ወደ ኋላ ሚዛን ውስጥ ትገባለህ። እዚያ ስማር ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረኝም። የቱ ልክ ነው ብትለኝ እኔ የህንዱን እላለሁ።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ቁጥሩ ልክ ነው። የቱ ይሻላል የሚለውን ግን እዚህ ክር ላይ አንጀምረው፣ ባለፈው ጊዜ አርባ ገጽ ሄዶ ማንም አልተስማማም።

---

የልጅ ልጅ ያየች
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

ልጄ፣ እኔ ይህን የኮከብ ነገር አላውቀውም። ቀን መቁጠር ግን አውቃለሁ። ህዳር 12 ሚካኤል ነው። እናትህ ስትናገር «ለሚካኤል አጥቢያ» ነው የምትለው ወይስ «የሚካኤል ለት ማታ»? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለሚካኤል አጥቢያ ካለች ሚካኤል ሊነጋ ሲል ነው የወለደችህ። የሚካኤል ለት ሌሊት ካለች ግን በዓሉ ውሎ፣ ንግሡ ተበትኖ፣ የዚያን ዕለት ሌሊት ነው። ለእኛ ያው ሌሊቱ የሚካኤል ይባላል፣ ለፈረንጁ ግን ቀኑ ተቀይሯል።

እሷም ካላስታወሰች ክርስትናህን ጠይቃት። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው የሚነሣው፣ ሴት በሰማንያ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠር። እኔ የሦስት ልጆቼን ቀን ያገኘሁት እንደዚያ ነው፣ የልደት ወረቀታቸው ላይ ያለው ሁሉ የተሳሳተ ነበር።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ማለፌ ያሳፍራል።

የሐይቁ ልጅ፣ ለምን እንደሚያስጨንቅ ልንገርህ። በዚያ ዓመት ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የገጠመችው ያው የሚካኤል ዕለት፣ ምሽት 12 ሰዓት ከ43 ላይ ነው። የገጠሙት በአቅራብ መጨረሻ ዲግሪ ላይ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ፣ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ወደ ቀውስ ገባች። ስለዚህ ሚካኤል ሊነጋ ሲል ከተወለድክ ጨረቃህ አቅራብ ናት። ሚካኤል ውሎ በዚያ ሌሊት ከተወለድክ ግን ቀውስ ናት፣ አራት ወይም አምስት ዲግሪ። አቅራብና ቀውስ ደግሞ እንደ ቀንና ሌሊት ናቸው። አንዱ ሲከፋው በሩን ይዘጋል፣ ሌላው ሲከፋው ጫማውን ያጠልቃል።

በነገራችን ላይ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስትቀይር 22 ማለትህ ጎበዝ ያሰኝሃል። ህዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ነው። 1987 ጳጉሜን 6 ስለነበረች ነው 1988 ላይ በአንድ ቀን የተገፋው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

---

የሐይቁ ልጅ
ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ስለ ጨረቃ ምንም ሳላነሳ ደወልኩላት። «እማ፣ የተወለድኩት ሚካኤል ሊነጋ ነው ወይስ ሚካኤል ውሎ?» አልኳት። «ለሚካኤል አጥቢያ ነው እንጂ! ጎረቤቱ ሁሉ ንግሥ ሲሄድ እኔ አንተን ታቅፌ ተኝቼ፣ በመስኮት ነው እልልታውን የሰማሁት» አለች። ጨለማ ነበር ወይ አልኳት። «ዓይን ቢወጉ አይታይም» አለች።

ክርስትናዬ ታኅሣሥ 21፣ ለማርያም ነው። ከህዳር 12 ስቆጥር፣ 12ን ራሱን ይዤ፣ ልክ አርባ መጣልኝ።

---

የልጅ ልጅ ያየች
ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ይኸው። እናትህ አልረሳችም።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ረቡዕ፣ ቀን 9፡20

በጣም ጥሩ። ጨለማውም ይገጥማል፤ ጨረቃ ልትጠፋ አሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ነበር የቀራት፣ ያን ሌሊት ያለችው ጭላጭም ከንጋት በፊት አትወጣም።

እንግዲህ አቅራብን ይዘን እንሂድ። እኔ ኮከቡን የምጠቀምበት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ይህ ልጅ እንዲረጋጋ ምን ያስፈልገዋል? የሠውር ጨረቃ ያለው ልጅ ሲያለቅስ ብታቅፈውና ብታበላው ይበቃዋል። የገውዙ እንድታወራው ይፈልጋል። የአቅራቡ ግን እውነቱን ይፈልጋል። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ቀድሞ የሚሰማ ልጅ ነው። «ምንም የለም፣ ሂድ ተጫወት» ስትለው ይሄዳል፣ ግን አላመነህም። የሚጎዳው መጥፎ ዜናው አይደለም፣ ከእሱ መደበቁ ነው። ከዚያ እሱም መደበቅ ይለምዳል።

ቤቱ ደግሞ ያ ፍላጎት በየትኛው ጓዳ ተንቀሳቀሰ የሚለውን ይጠቁማል። 3ኛ ቤት ወንድም፣ እህት፣ ጎረቤት፣ ወሬ፣ አጭር መንገድ ነው። ሐዋሳና ይርጋዓለም አጭር መንገድ ናቸው፣ በዚያ ላይ ደግሞ «ማንም አልነገረኝም» ብለሃል። እኔ አንተን ብሆን «ለምን ጣልሽኝ» አልልም ነበር። በዚያ ዓመት እህት ወይም ወንድም መጣ ወይ? ስለ እኔ ማን ለማን ምን አለ? ይህን ነበር የምጠይቀው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልችልም። ይህን የቆጠርኩት አንዱን ኮከብ አንድ ቤት በሚያደርገው ስልት ነው፤ ያንተም አፕ `Whole Sign` ላይ ነው ያለው። ፕላሲደስ በሚባለው ብቆጥረው ያው ጨረቃ 2ኛ ቤት ትሆናለች። እዚያ ጥያቄው ስለ እህትና ጎረቤት አይደለም፣ ስለ ምግብና ገንዘብ ነው። ቤቱ ውስጥ በቂ ነበር ወይ?

---

የሐይቁ ልጅ
ረቡዕ፣ ቀን 9፡45

እህቴ! እህቴ የተወለደችው አራት ዓመቴ ላይ ነው! ሁለቱን አያይዤ አስቤው አላውቅም። ቆዳዬ ሁሉ ቆመ። ልክ ነው፣ 3ኛ ቤት ነኝ።

---

አዋላጇ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ይቅርታ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እዚህ ላይ ግን አላስችለኝም አለ።

ወንድሜ፣ ትናንት ማታ 12ኛ ቤት «እውነት ነው» ብለህ እንቅልፍ አጣህ። ዛሬ ያ የሌላ ሰው ነው ተባልክ። ደግሞ 3ኛው «ልክ ነው» አልክ። ነገ 2ኛ ቤት ነው ብትባል ቤታችሁ ጤፍ ያለቀበትን ቀን ታስታውሳለህ። ማንኛችንም እናስታውሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1948 ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ስለ ጠባያቸው ጽፎ ሰጠ፣ ምን ያህል ይገልጻችኋል ብሎ ከ5 ነጥብ አስሰጣቸው። አማካዩ 4.26 ወጣ። በኋላ ነው ለሁሉም የታደለው አንድ ዓይነት ወረቀት መሆኑን ያወቁት። አብዛኛውንም የገለበጠው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ሌላም አለ። እኔ ማዋለጃ ክፍል ነው የምሠራው። ሰዓት የሚጻፈው ልጁ ሲወጣ አይደለም፣ እጃችን ሲያርፍ ነው። እናቱ ደም እየፈሰሳት ግድግዳ ሰዓት የሚያይ የለም። ሰማይ ቆጣሪ፣ «ስምንት» ያለችው ስምንት ተኩል ቢሆን ምን ይሆናል?

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

ጥያቄሽ ተገቢ ነው፣ መልሱም ለእኔ አይመቸኝም። ስምንት ሰዓት ላይ የሚወጣው ሰንቡላ 23 ዲግሪ አልፏል። ስድስት ዲግሪ ብቻ ነው የቀረው። ከ8፡25 ገደማ በኋላ ሚዛን ይወጣል፣ ጨረቃም በሁለቱም ስልት 2ኛ ቤት ትሆናለች። ስለዚህ 3ኛ ቤት ማለቴ በ25 ደቂቃ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከዚያች እናት ትዝታ ላይ ይህን ያህል መጫን አልነበረብኝም።

የማይናወጠው ግን አለ። ያን ሌሊት ሙሉ፣ ቀኑንም ሙሉ፣ ጨረቃ አቅራብ ውስጥ ናት። ዙሐል የሚባለው ፕላኔትም በሑት 18 ዲግሪ አካባቢ ነበር፣ ከጨረቃዋ 120 ዲግሪ ያህል ርቆ። እሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ደቂቃ አይነካውም። እኛ ያንን በእድሜ የገፋ ሰው ትከሻ ብለን እናነበዋለን። አያቱ ናቸው እላለሁ እኔ። ልጁ ተጣለ የሚል ነገር አላይበትም።

ስለ ፎረር የምለው የለኝም። ልክ ነሽ። እኔ ግን ሰውን በዚህ አልመዝንም፣ ለወሬ መክፈቻ ነው የምጠቀምበት።

---

አዋላጇ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

እውነት ሲደበቅበት የማይጎዳ ልጅ አሳየኝና የአቅራብን አምናለሁ። አያት የሌለው ሐበሻም አሳየኝ። ለወሬ መክፈቻ ካልክ ግን አልጣላህም። ልጁ ግን ለወሬ አልነበረም የያዘው፣ እናቱን ሊከስበት ነበር።

---

ሚጡ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡05

የእኔን ማንም አልመለሰልኝም እኮ። ለማንኛውም እኔም ሰዓቴን ቼክ አደረግኩ፣ ማታ 3 ሰዓት ነኝ፣ ፀሐዬ ግን ከመስመሩ በላይ ናት። 😭 አሁን እናቴ ጋ መኖሬን በምን ላሳብብ?

---

የሐይቁ ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 4፡30

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ትናንት እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ቡና አፈላች፣ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ አነሣሁት። አፑንም ጨረቃንም አልጠቀስኩም። «ይርጋዓለም የነበርኩ ጊዜ ምን ሆኖ ነው?» ብቻ አልኩ።

ስኒውን አስቀመጠች። እህቴ ጊዜዋ ሳይደርስ ነው የተወለደችው። ሁለቱም ሆስፒታል ተኙ። አባዬ ቀን ሥራ፣ ማታ ሆስፒታል። እኔን የምትይዘኝ ጎረቤታችን ነበረች፣ እሷም ስትታመም አያቴ መጥታ ወሰደችኝ። ሰባት ወርም አይደለም። ሁለት ወር ከምናምን ነው። ተከራከርኳት፣ አያቴ ጋ በቆሎው ተዘርቶ ሲሸት አስታውሳለሁ አልኳት። «አንተ እዚያ ክረምት ክረምት ትሄድ አልነበር እንዴ? ያ ሌላ ጊዜ ነው» አለች። አምስት ስድስት ጊዜ የሄድኩትን አንድ አድርጌ ሰፍቼው ኖሬያለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት ደግሞ «ነግሬሃለሁ» አለች። ከሆስፒታል እንደወጣች በሳምንቱ መጥታ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እህት እንዳለችኝ፣ ትንሽ እንደሆነች ነግራኛለች። እኔ ምንም አላልኩም። ሄጄ ከዶሮዎቹ ጋር ተጫወትኩ። «አልገባህም ብዬ ተውኩት» አለች። ይህን ቀን ፈጽሞ አላስታውሰውም።

ከዚያ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፣ ያው እንደተለመደው።

---

ሚጡ
ዓርብ፣ ማታ 4፡38

ቆይ ቆይ ቆይ። ሆስፒታል?! 12ኛ ቤት እኮ ሆስፒታል ነው! አንብቤዋለሁ፣ ሆስፒታል፣ እስር ቤት፣ ገዳም። «እናትህ የተሰወረችበት ጊዜ» አላለም? የተሳሳተው ነው ልክ የሆነው!

---

አዋላጇ
ዓርብ፣ ማታ 4፡41

😂😂😂 ሰማይ ቆጣሪ፣ መድረኩ ያንተ ነው።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ዓርብ፣ ማታ 5፡10

ምን ልበል። እህት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረች፣ አያት ነበሩ። ሆስፒታልም ነበር። ሦስቱን ቆጥሬ አራተኛውን ብዘል እናንተው ትታዘቡኛላችሁ። ሥዕሉ ተሳስቶም ገጥሟል፣ እክደዋለሁ አልልም።

ልጁ የጻፈውን «አልገባህም ብዬ ተውኩት» ሳነብ ግን እኔ አቅራብን ነው ያየሁት። ከዶሮ ጋር ሲጫወት ሁሉም ገብቶት ነበር።

---

አዋላጇ
ዓርብ፣ ማታ 5፡14

ወይም የአራት ዓመት ልጅ ነበር፣ ዶሮ ይወድ ነበር።

---

የልጅ ልጅ ያየች
ዓርብ፣ ማታ 5፡30

እህትህስ አሁን ደህና ናት?

---

የሐይቁ ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 5፡41

ደህና ናት እትዬ፣ ከእኔ ትረዝማለች። ይህን ክር አስነብቤያት አሁን «የእኔንም ሥሩልኝ» እያለች ነው። የእሷ ሰዓት በእማዬ አፍ አይደለም፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። 3፡40 ይላል።

---

አዋላጇ
ዓርብ፣ ማታ 5፡43

በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

---

የሐይቁ ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 5፡44

አይልም። ቀን ነው ሌሊት ነው እሱንም አይልም።

---

ሰማይ ቆጣሪ (አዳማ)
ዓርብ፣ ማታ 5፡50

ከአራት የተለያዩ ሰዓቶች አንዱ ሊሆን ይችላል እንግዲህ። ጠዋት 3፡40፣ ማታ 3፡40፣ ሌሊት 9፡40፣ ቀን 9፡40። እናትህን ሌላ ነገር አትጠይቃት። መስኮቱ ብርሃን ነበረው ወይ በላት።

---

የሐይቁ ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 5፡52

ብርሃን ከነበረስ፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?

---

የልጅ ልጅ ያየች
ዓርብ፣ ማታ 6፡05

ገንፎው ጠዋት ነው የመጣላት ወይስ ማታ? እሱን ጠይቃት፣ እሱን አትረሳም። አሁን ግን ተኝታለች፣ ነገ ደውል።